ረጅም ቃለ መጠይቅ ሲያጥር «ማን አለ?» እንዳይጠፋ፦ ሦስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ደሴ ተቀምጬ የሰው ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። አንዳንዴ የተገለበጠውን አሳጥሬ፣ በጭብጥ ከፋፍዬ እሰጣለሁ። መገልበጡ አድካሚ ነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይበላል። ከባዱ ግን ማሳጠሩ ነው። 30 ገጽ ወደ ሦስትና አራት ገጽ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው የንግግሩ ባለቤት ነው።

ሼሁ ያሉት የመሪጌታው ሆኖ ይወጣል። አባት የተናገረው ልጁ እንደተናገረው ይጻፋል። «ሲባል ሰማሁ» ያለው ሰው «አየሁ» እንዳለ ይደረጋል። ከዚያ ጽሑፉ ሲነበብለት ሰውየው «እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?» ይላል። ያውም ነገ ለቅሶ ቤት የምታገኙት ሰው ነው።

ለማሳጠር የሚሠራባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች በቅደም ተከተሉ ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ቆራርጦ በጭብጥ መመደብ ነው። ሦስተኛው ተናጋሪዎቹን በአንድ ወገን፣ ጭብጦቹን በሌላ ወገን አድርጎ ሠንጠረዥ መሥራት ነው። ሦስቱም ይሠራሉ። የሚለያዩት በሚያሳስቱበት ቦታ ነው። ስለዚህ አንዱን ጉዳይ በሦስቱም አሳልፌ ላሳያችሁ።

ጉዳዩ

ሰዎቹንም ንግግሩንም ለማሳያ ያሰናዳኋቸው እኔ ነኝ። ስህተቶቹ ግን በእጄ ያለፉ ናቸው።

ሐይቅ አካባቢ ያለ አንድ ቅሬ እንበል። ወሎ ላልኖራችሁ፣ ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። አባላቱ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው። የሰፈሩ ወጣቶች የቅሬውን ታሪክ ሊጽፉ አሰቡና አራት ሰው አንድ ላይ አስቀምጠው 90 ደቂቃ ቀዱ። አንዱ ሼህ ናቸው፤ አባታቸው በዘመናቸው የቅሬው ዳኛ ነበሩ። አንዱ መሪጌታ ናቸው። አንዷ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ሴት ናቸው። አራተኛው የቅሬው የአሁኑ ጸሐፊ፣ ወጣት ነው። ድምፁ ሲገለበጥ 34 ገጽ ወጣው። የሚፈለገው አራት ገጽ ነው።

ከመሃሉ እነዚህን ቁራጮች ተመልከቱ።

212 ጠያቂ፦ በ77 ቅሬው ምን አደረገ?

213 ሼሁ፦ እኔ ያኔ ጎረምሳ ነኝ። ዳኛው አባቴ ናቸው። አንድ ማታ መጡና፣ ጎተራውን ከፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ የኔ የሚባል እህል የለኝም አሉኝ። ለሰው ሁሉ ተከፋፈለ።

214 እማማ፦ መከፋፈሉስ ተከፋፍሏል። ለሁሉም ግን አልደረሰም። እኛ ቤት አልመጣም።

215 ሼሁ፦ እሱስ እውነት ነው።

216 መሪጌታ፦ የዚያን ጊዜው መዝገብ ተቃጥሏል አሉ።

217 ጠያቂ፦ ማን ናቸው ያሉት?

218 መሪጌታ፦ ሰው ነዋ። እኔ አላየሁም።

ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄድና ሁለት ገጽ ቆይቶ ይመለሳል።

249 ጠያቂ፦ እማማ፣ አንቱስ ቤት እንዴት ነበር?

250 እማማ፦ እኛ ቤት ትንሽ ማሽላ ነበረች። ጎረቤቴ ሕፃን ታቅፋ መጣች። እህል ሰጠን።

ከሦስቱም በፊት

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ እያንዳንዱ ንግግር ቁጥር ይኑረው። ገጽ ቁጥር አይበቃም። ፎንት ሲቀየር ገጹ ይቀየራል። ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር አንድ ቁጥር ስጡት፤ «አዎ» ብቻ ቢልም። ቁጥሩ አንዴ ከተሰጠ አይነካም። መሃል ላይ የተዘለለ ንግግር ካገኛችሁ 213ሀ በሉት እንጂ የቀረውን አታሸጋሽጉ። ብታሸጋሽጉ ቀድማችሁ የጻፋችሁት ማስታወሻ ሁሉ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል።

የተናጋሪው ስምም በየቁጥሩ ይጻፍ። ድምፁ ያልተለየውን «ያልታወቀ ድምፅ» በሉት። አራት ሰው ተደራርቦ ሲያወራ ገምቶ መጻፍ ያጓጓል። ግምቱ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ እናንተው ዘንድም እውነት ይሆናል። በየሁለትና ሦስት ደቂቃው ደግሞ ድምፁ የደረሰበትን ደቂቃ ዳር ላይ አኑሩ። በኋላ መስማት ሲያስፈልግ 90 ደቂቃውን አታስሱም።

አንደኛው፦ ከላይ እስከ ታች ማሳጠር

ጽሑፉን በቅደም ተከተሉ ታነቡታላችሁ። እያንዳንዱን ሁለትና ሦስት ገጽ በአንድ አንቀጽ ታሳጥራላችሁ። መጨረሻ ላይ የተገኙትን አንቀጾች አንብባችሁ ጭብጦቹን ታወጣላችሁ።

ትልቁ ጥቅሙ ማን ለማን መለሰ የሚለውን መጠበቁ ነው። ሼሁ «ለሰው ሁሉ ተከፋፈለ» ብለው፣ እማማ አርመዋቸው፣ ሼሁም የተቀበሉበት ልውውጥ አንድ ላይ ይቀመጣል። የእርምቱ ቦታ ስለማይጠፋ አሳጣሪው 213ን ብቻ ይዞ አይሮጥም።

ድካሙ ሌላ ነው። ሰው ሲያወራ በጭብጥ አያወራም። የ77 ነገር 212 ላይ ተነሥቶ፣ 249 ላይ ተመልሶ፣ ምናልባት ቡና ሲፈላ ደግሞ 390 ላይ ይመጣል። በቅደም ተከተል ያሳጠረ ሰው ሦስት ቦታ ስለ አንድ ነገር ይጽፋል፤ አንባቢው ሦስቱን ራሱ ማገጣጠም አለበት። ሌላው፣ አሳጣሪው ይደክመዋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ሰፋ ብለው ይገቡና የመጨረሻዎቹ አሥር በሁለት መስመር ያልቃሉ። ይሄ እንደደረሰባችሁ ለማወቅ ማጠቃለያው ውስጥ የጠቀሳችኋቸውን ቁጥሮች ቁጠሩ። አብዛኞቹ ከመጀመሪያው ግማሽ ከሆኑ ሁለተኛው ግማሽ አልተነበበም ማለት ነው።

አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት የሕይወት ታሪክ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሁለተኛው፦ ቆራርጦ መመደብ

ይሄ ብዙ ሰው የሚወደው ነው። ጽሑፉ ይታተማል፤ በመቀስ ይቆራረጣል፤ «አመሠራረት»፣ «መዋጮ»፣ «የክፉ ቀን»፣ «እርቅ» የሚሉ ፖስታዎች ውስጥ ይገባል። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው በቀለም ያሰምርና ኮፒ እያደረገ በየርዕሱ ሥር ይለጥፋል። ሥራው ይፈጥናል። ጭብጡም ቶሎ ይታያል። አንዱ ፖስታ ሲወፍር ሌላው ሲቀጥን በዓይን ታያላችሁ።

ግን በአማርኛ አደገኛው መንገድ ይሄ ነው። ለምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

አማርኛ «አለ» የሚለውን ቃል ከንግግሩ በኋላ ነው የሚያስቀምጠው። ሼሁ የአባታቸውን ቃል ሲያመጡ መጀመሪያ ቃሉን ይሉታል፤ «አሉኝ» የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ላይ የአባትየውን ቃል ሲያመጡ «እኔ» የሚለውን አይቀይሩትም። «ጎተራውን ከፍቼዋለሁ» ሲሉ የከፈቱት አባታቸው ናቸው። በንግግር ይሄ ማንንም አያደናግርም። መቀስ ሲመጣ ግን የሚያምረው ክፍል «ጎተራውን ከፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ የኔ የሚባል እህል የለኝም» ነው። እዚያ ላይ ይቆረጣል። «አሉኝ» ወለል ላይ ይቀራል። ወረቀቱ ጀርባ ላይ «ሼሁ» ተብሎ ተጽፏል። መጽሔቱ ላይ ያኔ ጎረምሳ የነበሩት ሼህ ጎተራ ከፍተው አገር ያበሉ ሆነው ይወጣሉ። ሰውየው ያላሉትን ክብር ለበሱ፤ የአባታቸውም ሥራ ተወሰደ።

ሁለተኛው አደጋ «አሉ» ራሱ ነው። ይሄ ቃል ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። ብዙ ሰዎች ተናገሩ ማለት ይሆናል። አንድ የተከበሩ ሰው ተናገሩ ማለትም ይሆናል። ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ «ሲባል ነው የሰማሁት፣ እኔ ኃላፊ አይደለሁም» ማለት ነው። 216 ላይ መሪጌታው ያሉት ይሄኛውን ነው። ቁራጩ ብቻውን ፖስታ ውስጥ ሲገባና ሰው በችኮላ ሲያየው «መሪጌታው መዝገቡ ተቃጥሏል አሉ» ሆኖ ይነበባል። አሉባልታው ምስክርነት ሆነ። ጠያቂው 217 ላይ የጠየቀው ጥያቄ ነው የሚያድነን፤ እሱ ደግሞ «ጥያቄ ነው» ተብሎ ቅርጫት ገብቷል። ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ «አሉ» አንዳንዴ «ይገኛሉ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ይሄኛውን ድምፁን ሲሰሙት ወዲያው ይለያል።

ከሦስተኛው አደጋ ግን ድምፅ መስማትም አያድንም። 250ን ተመልከቱ። «እህል ሰጠን።» እኛ ሰጠን? ወይስ እሱ ለእኛ ሰጠን? በጽሑፍም በድምፅም አንድ ነው። ከፊቱ ያለውን ካነበባችሁ ግልጽ ነው። የመጣችው ጎረቤት ሴት ናት። እሷ ሰጥታ ቢሆን «ሰጠችን» ይሉ ነበር። ስለዚህ የሰጡት እማማና ቤተሰባቸው ናቸው። አሁን «እህል ሰጠን» የሚለው ብቻ ተቆርጦ «የቅሬው እርዳታ» የሚል ፖስታ ውስጥ ይግባ። እዚያ ሲነበብ ቅሬው ለእማማ እህል ሰጠ ማለት ይሆናል። እማማ 214 ላይ «እኛ ቤት አልመጣም» ብለው ነበር። በገዛ ቃላቸው ገዛ ምስክርነታቸውን አፈረስነው። ይባስ ብሎ ካለቻቸው ትንሽ ማሽላ ለሌላ ማካፈላቸው ጠፋ።

ቆርጦ መመደብን መተው አለባችሁ አልልም። ስትቆርጡ ግን ጥያቄውን፣ መልሱን በሙሉና ቀጥሎ የመጣውን ንግግር አብራችሁ ቁረጡ። 213 ሲወጣ 212፣ 214 እና 215 አብረውት ይውጡ። ቁራጩ ይረዝማል፤ ይርዘም። አንድ ቁራጭ ሁለት ፖስታ ውስጥ መግባት ካለበት ኮፒ አድርጉት እንጂ ለሁለት አትክፈሉት።

ሦስተኛው፦ ሠንጠረዥ

ይሄ መንገድ በ1980ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ እንግሊዝ አገር ጄን ሪቺ እና ሊዝ ስፔንሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ለማኅበራዊ ፖሊሲ ጥናት ያዳበሩት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ ረድፍ ይይዛል። እያንዳንዱ ጭብጥ አንድ ዓምድ ይይዛል። በመገናኛቸው ላይ ያ ሰው ስለዚያ ጭብጥ ያለው በአጭሩ ይጻፋል፤ የንግግሩ ቁጥርም አብሮ ይገባል። የጉዳያችን አንዱ ጥግ ይሄን ይመስላል።

| ተናጋሪ | የ77 እርዳታ | የመዝገቡ ነገር |
|---|---|---|
| ሼሁ | አባታቸው ጎተራ መክፈታቸውን ከአባታቸው አፍ ሰሙ። ለሁሉም ተከፋፈለ አሉ (213)። እማማ ሲያርሟቸው ተቀበሉ (214→215)። | አላነሡም |
| እማማ | መከፋፈሉን አመኑ፤ ለሁሉም አልደረሰም፣ እነሱ ቤት አልመጣም (214)። ራሳቸው ለጎረቤት ሰጡ (250)። | አላነሡም |
| መሪጌታ | አልተጠየቁም | መቃጠሉን ከሰው ሰሙ፤ አላዩም (216–218) |
| ጸሐፊው | አልተወለደም | አልተጠየቀም |

አንድ ሳጥን ከሁለት ዓረፍተ ነገር ብዙ አይለፍ። ረዘመ ማለት ጭብጡ ሁለት ነው፤ ዓምዱን ክፈሉት። ሳጥኑ ውስጥ የምትጽፉት በራሳችሁ ቃል ነው። ልታወጡት የምትፈልጉት ጥሩ አባባል ካለ ቁጥሩ አጠገብ «ጥ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ እንጂ ቃሉን እዚህ አታምጡት። ጥቅስ ሁልጊዜ የሚቀዳው ከዋናው ጽሑፍ ነው። ከማስታወሻ ላይ የተቀዳ ጥቅስ አንድ ቃል ሳይለወጥ ቀርቶ አያውቅም።

የሠንጠረዡ ትልቁ ስጦታ ባዶ ሳጥኖቹ ናቸው። ሌሎቹ ሁለት መንገዶች ያልተናገረን ሰው አያሳዩም። ዝም ያለ ሰው «ሁሉም ተስማሙ» ከሚለው ውስጥ ይገባል። እዚህ ግን ባዶው ፊት ለፊት ይታያል፤ ለምን ባዶ እንደሆነም መጻፍ ግድ ይላል። አልተጠየቁም? ተጠይቀው አለፉት? ወይስ እንደ ጸሐፊው ያኔ አልተወለዱም? ሦስቱ አንድ አይደሉም። ስለ 77 የተናገሩት ከአራቱ ሁለቱ ብቻ እንደሆኑ ከሠንጠረዡ ወዲያው ይነበባል። ስለዚህ «ተሳታፊዎቹ እንደገለጹት» ብላችሁ መጻፍ አትችሉም። ሁለት ሰዎች ናቸው የተናገሩት፤ እነሱም በአንዱ ነጥብ ተለያይተው ነበር።

ጉድለቱም አለው። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ለ34 ገጽ እኔ አንድ ሙሉ ቀን እመድብለታለሁ፤ ቆርጦ መመደቡ ግማሽ ቀን አይሞላም። ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። ሠንጠረዥ ሰዎችን በየረድፋቸው ስለሚያስቀምጥ እርስ በርስ የተነጋገሩትን ይለያያል። ሼሁ 215 ላይ ሐሳባቸውን ያስተካከሉት እማማ ስለተናገሩ ነው። ያን ካልጻፋችሁት የሼሁ ሳጥን ውስጥ ሁለት የሚጋጩ ነገሮች ይቀመጣሉ፤ አንባቢም ሼሁ ወላወሉ ይላል። ለዚህ ነው ቀስቱን የማደርገው፦ 214→215። «ይሄ ንግግር ያኛውን ተከትሎ መጣ» ማለት ነው። ትንሽ ምልክት ናት፤ ብዙ ታድናለች።

ወሎ ውስጥ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ደግሞ «እንዴታ»፣ «አዎና»፣ «እሱስ» የሚሉ ቃላት በየመሃሉ ይወድቃሉ። እነዚህን እንደ ድምፅ መስጫ አትቁጠሯቸው። ብዙ ጊዜ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» ማለት ናቸው። የ215ቱ ግን የተለየ ነው፤ ከእርምት በኋላ የመጣ ሙሉ መልስ ነው። የምትጠራጠሩ ከሆነ ድምፁን ስሙት። ፈጥኖ፣ በሰው ንግግር ላይ ተደርቦ የመጣ ከሆነ ማዳመጫ ነው። ሰውየው ሲጨርስ ለብቻው የመጣ ከሆነ መልስ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል።

ጥቅሱን ቃል በቃል፣ አጽድቶ ወይስ በራስ አባባል?

ጭብጡ ከተለየ በኋላ ሌላ ምርጫ ይመጣል። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባ ነገር የሰውየው ቃል ነው። ስለዚህ ለአራት ገጽ ከስድስት እስከ ስምንት ጥቅስ ይበቃል። የቀረው በእናንተ አባባል ይሁን፤ ባለቤቱ ግን ይጠቀስ።

ጥቅስን ማጽዳት ይቻላል። «እ…»፣ «ምን ልበልህ»፣ ሁለቴ የተደገመ ቃል ቢወጣ ማንም አይጎዳም። የማይወጡ ቃላት ግን አሉ። «መሰለኝ»፣ «እንጃ»፣ «አሉ»፣ «ይሆናል»፣ «ወላሂ»። እነዚህ ሰውየው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው። «መዝገቡ ተቃጥሏል» እና «መዝገቡ ተቃጥሏል አሉ» ሁለት የተለያዩ ምስክርነቶች ናቸው።

የአነጋገር ዘይቤንም አታቅኑ። ሽማግሌው «ተቤት ወጣን» ካሉ «ከቤት ወጣን» ብላችሁ አታርሙ። ያልገባው አንባቢ ይኖራል ብላችሁ ከፈራችሁ በራሳችሁ አባባል ጻፉትና ከጥቅስ አውጡት። ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ ማቅናት ግን ያላሉትን አሉ ማለት ነው።

የምትጨምሩት ቃል ካለ በማዕዘን ቅንፍ ይግባ። የምትዘሉት ካለ ሦስት ነጥብ ይሁን፤ ነጥቦቹ ግን «አለ»ን መዋጥ የለባቸውም። የ213 ጥቅስ በትክክል ሲወጣ እንዲህ ነው፦ «ዳኛው አባቴ ናቸው። አንድ ማታ መጡና፣ ጎተራውን ከፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ የኔ የሚባል እህል የለኝም አሉኝ።» ማጠር ካለበት ከፊት ይጠር፤ ከኋላ አይነካ። እኔ ሁሌም ጥቅስ ከመረጥኩ በኋላ የመጨረሻውን ግሥ አያለሁ። ከእሱ ቀጥሎ «አለ»፣ «አሉ»፣ «ብሎ» ወይም «ሲል» ካለ ቁርጡን ወደዚያ እገፋዋለሁ።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወሎ 66ንም 77ንም አይቷል። ሽማግሌ «ያ ክፉ ቀን» ሲል የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ አይታወቅም። እዚህ 212 ላይ ጠያቂው «በ77» ስላለ 213 ግልጽ ነው። ዓመቱን የሚወስን ጥያቄ ከሌለ ግን «በክፉው ቀን» ብላችሁ ተዉት፤ ዓመት ከኪሳችሁ አታውጡ።

ታዲያ የትኛውን?

ተናጋሪው አንድ ሰው ከሆነ ከላይ እስከ ታች አሳጥሩ። ሠንጠረዥ መሥራት እዚያ ድካም ብቻ ነው። ሁለት ሰው ከሆኑና በየተራ የሚናገሩ ከሆነ ቆርጦ መመደቡ ይበቃል፤ ቁራጩ ጥያቄውንና ቀጣዩን ንግግር እስከያዘ ድረስ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ በተለይ ደግሞ እየተራረሙ የሚያወሩ ከሆነ፣ ሠንጠረዡን ሥሩ። ሰዓት አጥሯችሁ ቆርጦ መመደብ ግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ ለጥቅሶቹ ብቻ ሠንጠረዡን ሥሩላቸው።

እኔ ራሴ የምሠራው ሁለቱን አዳብዬ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን አንድ ጊዜ በቅደም ተከተሉ አነባለሁ፤ በየሁለት ገጹ አንድ መስመር ብቻ እጽፋለሁ። ከነዚያ መስመሮች አምስት ወይም ስድስት ጭብጥ ይወጣሉ። ከዚያ ወደ ሠንጠረዡ እገባለሁ። የመጀመሪያው ንባብ ወሬው እንዴት እንደሄደ ስለሚያሳየኝ ቀስቶቹን ለማስቀመጥ ይጠቅመኛል።

የ77 ጭብጥ በመጨረሻ እንዲህ ሆኖ ይወጣል።

ሼሁ እንደሚያስታውሱት በ77 የቅሬው ዳኛ የነበሩት አባታቸው ጎተራቸውን ለሰው ከፍተዋል። «አንድ ማታ መጡና፣ ጎተራውን ከፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ የኔ የሚባል እህል የለኝም አሉኝ።» ሼሁ እህሉ ለሁሉም ተከፋፈለ ቢሉም እማማ «ለሁሉም ግን አልደረሰም። እኛ ቤት አልመጣም» ሲሉ አርመዋቸዋል፤ ሼሁም ተቀብለዋል። እማማ ቤተሰባቸው ካለችው ትንሽ ማሽላ ሕፃን ታቅፋ ለመጣች ጎረቤት እህል መስጠቱን ተናግረዋል። የዚያን ጊዜው መዝገብ ተቃጥሏል ሲባል መሪጌታው ሰምተዋል፤ ራሳቸው ግን አላዩም።

ቁጥሮቹ መጽሔቱ ላይ አይወጡም። በእናንተ ፋይል ውስጥ ግን ከየዓረፍተ ነገሩ ጎን ይቆዩ። ቁጥር ያጣችሁለት ዓረፍተ ነገር ካለ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ አውጡት።

ከመታተሙ በፊት ደግሞ ለሰዎቹ አንብቡላቸው። ወረቀት ሰጥቶ መሄድ አይበቃም፤ ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይናቸው የደከመ አሉ። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክፍል ለብቻ አንብቡ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስባችሁ ካነበባችሁ ቃለ መጠይቁ እንደገና ይጀመራል። ሲሰሙ ሦስት ዓይነት ነገር ይላሉ። «እንዲህ አላልኩም» ካሉ ድምፁን አብራችሁ ስሙት። «ብያለሁ፣ ግን ተሳስቼ ነው» ካሉ ጥቅሱ እንዳለ ይቆይና እርምታቸው ከጎኑ ይግባ፤ ቀኑም ይጻፍ። «ብያለሁ፣ ግን አውጡልኝ» ካሉ ይውጣ። ጥቅሱ ወጥቶ ሐሳቡ በሌላ ቃል ተመልሶ እንዳይገባ ግን ተጠንቀቁ። እማማ ነገሩ እንዲቀርላቸው ከፈለጉ «አንዲት ተሳታፊ» ተብሎ መጻፉም አያድናቸውም። በዚያ ጉባኤ የነበሩት ሴት እሳቸው ብቻ ናቸው።